«እስከ አርብ» ማለት አርብን ይጨምራል? ለጅማ ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጅማ ከተማ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ለምትልኩ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኔ በከተማችን ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ከሥራዬ መካከል ማንም የማይቀናበት አንድ አለ፤ ለወላጆች የሚላኩትን ማስታወቂያዎች መጻፍ። በመገናኛ ደብተር ላይ ተለጥፎ የሚመጣላችሁን፣ በቴሌግራም የሚደርሳችሁን፣ የግቢው በር ላይ ዝናብ የሚያበሰብሰውን ያንን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፦ ሁለት በዓላት በአንድ ሳምንት ሲውሉ ትምህርት መቼ ዝግ፣ መቼ ክፍት እንደሆነ ስለሚነግረው። እንዴት እንደማበላሸው ስላየሁ፣ አሁን እንዴት እንደምጽፈውና በምን ምክንያት እንደዚያ እንደምጽፈው ብታውቁ የስልክ ጥሪውም ጭቅጭቁም ይቀንስልናል ብዬ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ታስታውሱ ይሆናል፤ በዚያ ዓመት መውሊድ ረቡዕ መስከረም 16 ዋለ፣ መስቀል ደግሞ እንደ ሁልጊዜው መስከረም 17፣ ሐሙስ። ደመራውና መውሊዱ አንድ ቀን ላይ ተገናኙ። ሰኞና ማክሰኞ ትምህርት፣ ረቡዕና ሐሙስ በዓል፣ አርብ ደግሞ ለብቻዋ ቀርታ ከኋላዋ ቅዳሜና እሑድ። እኔ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ሊለቀቁ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ይህን ጽፌ አባዝቼ አደልኩ፦

«የመውሊድንና የመስቀልን በዓላት ምክንያት በማድረግ ከረቡዕ እስከ አርብ ትምህርት ዝግ መሆኑን እናሳውቃለን። መልካም በዓል!»

በእኔ ሐሳብ አርብ ትምህርት አለ። «እስከ አርብ» ማለቴ አርብ ሲደርስ ያበቃል ማለቴ ነበር።

አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ግቢው ውስጥ ከመምህራኑ የማይበልጥ ተማሪ ነበረ። አንደኛ ክፍል ከ38 ልጆች የመጡት 9 ናቸው። ከዘጠኙ አንዷን ዛሬም አልረሳትም። የኮንትራት ባጃጇ አምጥቶ ጥሏት ሄዷል፤ እናቷ ወረቀቱን እኔ በጻፍኩበት መንገድ አንብባዋለች፣ ባጃጅ ነጂውም እንደዚያው። የክፍሏ መምህርት ግን ወረቀቱን እንደሌሎቹ ወላጆች ነበር ያነበበችው፤ ለመስቀል ወደ ዳውሮ ሄዳለች። ልጅቷ ጥበቃው ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ከበዓሉ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ለጥበቃው እያካፈለች አገኘኋት። «ቲቸር፣ ዛሬ እኔና እሱ ብቻ ነን» አለችኝ፣ ቅር ሳይላት። ደውዬ ሳነጋግራት ግን እናቷ ቅር ብሏት ነበር። ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላ «እስከ» የምትለውን ቃል አስተዋልኳት። ሱቁ «እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው» ሲባል 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ 2 ሰዓት ውስጥ አልተቆጠረም። መምህሩ «ከገጽ 5 እስከ ገጽ 10 አንብባችሁ ኑ» ሲል ግን ገጽ 10ን ያላነበበ ተማሪ ይጠየቃል። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ነው። ቋንቋው አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን ከእኔ በሚወጣ የመዝጊያ ማስታወቂያ ላይ «እስከ» የለችም። ዝግ የሆነውን ቀን አንድ በአንድ፣ በስሙና በቁጥሩ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከሁሉ አስቀድሜ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን አስቀምጣለሁ። ወላጅ በእርግጥ የሚፈልገው ይህንን ነው። መስቀል መቼ እንደሆነ ከእኔ የሚማር የለም፤ ልጁን መቼ እንደሚያስነሳ ግን ከእኔ ሌላ የሚነግረው የለም።

ቀኑን በቁጥርም የምጽፍበት ሌላ ምክንያት አለኝ። የእኛ ማስታወቂያ በአንድ ገጽ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው የሚወጣው። አንድ ተማሪ ቤት ከሐረርጌ የመጡ አያት አሉ፤ ማስታወቂያውን ልጁ በአማርኛ ያነብላቸዋል። በሐረርጌ በኩል «አርባ» ማለት ረቡዕ ነው። ልጁ «አርብ ትምህርት አለ» ሲላቸው እሳቸው የሰሙት ረቡዕን ነው፤ «በመውሊድ ቀን ልጅ ትምህርት ቤት ይጠራል እንዴ?» ብለው ተቆጥተው በሰው አስደወሉልኝ። «18» የሚል ቁጥር አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

አሁን ወደ ጨረቃዋ ልምጣ። ማስታወቂያውን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ማደሌ ለምን እንደነበረ መናገር አለብኝ። «የጨረቃ ነገር ነው፣ እርግጠኛው ቀን እስኪታወቅ እንጠብቅ» ብዬ ነው። አስተዋይ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ሳባዛ ያየኝ ሙስሊም ባልደረባዬ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ሳቀብኝ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው ቲቸር?»

«ጨረቃዋን ነዋ።»

«መውሊድ እኮ የወሩ 12ኛ ቀን ነው። ጨረቃዋ ከታየች 11 ቀን ሆኗታል! አሁን ሙሉ ልትሆን ነው፣ ማታ ውጪና እያት።»

እውነቱን ነው። መውሊድ የሚውለው ረቢዐል አወል በሚባለው ወር በ12ኛው ቀን ነው። ወሩ 1 ብሎ የጀመረው መስከረም 5 ስለነበር፣ ጨረቃዋ የተጠበቀችው በመስከረም 4 ምሽት ነው። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ብቻ ነው የቀረው፤ 5 ላይ 11 ቢደመር 16። ማስታወቂያውን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከበዓሉ አሥር ቀን ቀደም ብዬ መስጠት እችል ነበር። ሁሉንም የእስልምና በዓል አንድ ላይ አድርጌ «የጨረቃ ነገር» ውስጥ መክተቴ ነው ያስቸገረኝ።

ሦስቱ በዓላት በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። መውሊድ የወሩ 12ኛ ቀን በመሆኑ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድሞ ይታወቃል። ዒድ አል አድሃ፣ አረፋ የምንለው፣ ዙልሒጃ በሚባለው ወር 10ኛ ቀን ስለሚውል እሱም ከሳምንት በላይ ጊዜ ይሰጠናል። በዋዜማው ምሽት ብቻ የሚቆረጠው ዒድ አል ፈጥር ነው፤ ምክንያቱም የሚውለው በወሩ በመጀመሪያው ቀን ነው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በ29ኛው ቀን ምሽት ነው። ስለዚህ ለመውሊድና ለአረፋ «ምናልባት» የሚል ማስታወቂያ ከእኔ ቢደርሳችሁ ሰነፍኩ ማለት ነው፤ ለዒድ አል ፈጥር ግን «ምናልባት» ካላልኩ ዋሸሁ ማለት ነው።

የዒድ አል ፈጥሩን ሳምንት በ2014 ዓ.ም. አይተነዋል። ሚያዝያ 23 እሑድ የሠራተኞች ቀን ነበር፣ ሚያዝያ 27 ሐሙስ የአርበኞች ቀን። ዒዱ ወይ እሑድ ወይ ሰኞ ነው። አርብ ልጆቹ ሲለቀቁ ይዘው የሄዱት ወረቀት ሁለት መንገድ ነበረው፦ ጨረቃ ቅዳሜ ማታ ከታየች ዒድ እሑድ ይውላል፣ ሰኞ ሚያዝያ 24 ትምህርት አለ፤ ካልታየች ዒድ ሰኞ ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው፣ ልጆች ማክሰኞ ሚያዝያ 25 ይገባሉ። የትኛው እንደሆነ ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም እንልካለን፤ ቴሌግራም የሌለው ወላጅ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ላይ የሚነገረውን ይከተል። ዒዱ ሰኞ ሆነ። በዚያ ሳምንት የተማርነው ማክሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ነው። አንድም ልጅ በስህተት አልመጣም፣ አንድም ልጅ በስህተት አልቀረም። ያንን ወረቀት የጻፉት ከእኔ በፊት የነበሩት ምክትል ናቸው፤ እኔ ገና የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። ከእሳቸው መማር ሲገባኝ ከዓመት በኋላ በራሴ ስህተት ተማርኩ።

የመስቀሉም ቀን ቢሆን፣ ቋሚ ነው ብለን ብንዝናናም፣ በ2016 አንድ አባት ስልክ ደውለው ነበር። ስልካቸው ላይ ከዓመታት በፊት ሞልተው በየዓመቱ እንዲያስታውሳቸው ያደረጉት አለ፤ መስቀል ሴፕቴምበር 27። መውሊዱንም የውጭ ዜና ላይ ሴፕቴምበር 27 ብለው አዩት። «ሁለቱም አንድ ቀን ከዋሉ ሐሙስን ለምን ትዘጉብናላችሁ? ሥራ የምንገባ ሰዎች ነን» አሉኝ። የተቆጡበት ምክንያት ስሌቱን ለሚያውቅ ግልጽ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 ሆነች። በዚያ ምክንያት የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ገባ፣ መስቀልም በፈረንጆቹ 28 ሆነ። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት 27 ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ላይ የምንጽፈው በእኛው አቆጣጠር ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ካላንደር ለምትሠሩ፣ በተለይ ድርጅት ውስጥ ላላችሁ፣ ግርጌ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ።

አሁን ትልቁ ጥያቄ፣ በየዓመቱ የምሰማው፦ «ለአንዲት አርብ ብላችሁ ለምን ትከፍታላችሁ? ዝጉትና ሰዉ አገሩ ደርሶ ይምጣ።»

የሚጠይቁኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አንዱ መርካቶ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ከመስከረም 12፣ 13 ጀምሮ ሱቃቸው ዝግ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ መኪና ተከራይቶ በወልቂጤ በኩል ወደ አገር ቤት ይሄዳል። «ቲቸር፣ እኔ አንድ ቀን ለማረፍ አይደለም የምሄደው፤ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ለዚህ ነው» ብለውኛል። ክርክር የለኝም። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም የመጡትም ቤተሰቦች ለመስቀል እንደዚያው ናቸው፤ መምህራኖቻችንም ጭምር። በዚያ ላይ አርብ በጁምዓ ምክንያት ረጅም ቀን አይደለችም፤ ጠዋት 5፡30 ላይ ወጥተን ከሰዓት 7፡30 ላይ ነው የምንገባው።

የማንዘጋበት ምክንያት ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ከትምህርት ቢሮ በሚወርድ ካላንደር ነው። በዓል ተብሎ በሕግ የተዘጋ ቀን አይጠየቅብንም፤ በራሳችን ፈቃድ የዘጋነው ቀን ግን መካካስ አለበት። የሚካካሰው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የባጃጅና የሰርቪስ ኮንትራታችሁ ውስጥ የለችም፤ ለተጨማሪ ጉዞ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። አንድ ዓመት ሞክረነው ነበር፤ ቅዳሜዋ ላይ የመጣው ተማሪ አርብ ከሚመጣውም አነሰ። አርብን ሸጠን ቅዳሜን ገዛን፣ ከሰርን።

ሌላው ምክንያት ከውጭ አይታይም፤ የክፍለ ጊዜው ነገር ነው። ሁለት ቀን ሲዘጋ የጠፋው ሁለት ቀን ብቻ ይመስላል። ግን የትኞቹ ትምህርቶች ጠፉ? በዚያ ሳምንት የ6ኛ ክፍልን ፕሮግራም ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሒሳብ በየቀኑ ስላለ ከአምስት ሁለት አጣ፣ ይችላል። የክወናና ዕይታ ጥበባት ትምህርት ግን በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ ሐሙስ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አርብን በአርብ ፕሮግራም ብናስተምር ኖሮ ሒሳብ ሦስተኛውን ያገኛል፣ ጥበባት ዜሮ። ስለዚህ አሁን እንዲህ ሲገጥም አርብን የምናስተምረው በረቡዕ ፕሮግራም ነው። ረቡዕ ሰባት ክፍለ ጊዜ አላት፣ አርብ በጁምዓው ምክንያት ስድስት ብቻ ትችላለች፤ ሰባተኛውን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ክፍለ ጊዜ፣ እንተወዋለን። ይህንን ማስታወቂያው ላይ የማሰፍረው ለእናንተ ነው፤ ምክንያቱም የረቡዕ ፕሮግራም ማለት የረቡዕ ደብተሮች ማለት ነው። ልጁ የአርብን ደብተር ይዞ መጥቶ «አልያዝኩም» ሲል ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አገር ቤት ለምትሄዱት ደግሞ አርብ በመከፈቷ የሚያስቀጣ ነገር እንዳይኖር አድርገናል። ከበዓሉ ሳምንት በፊት ባለው አርብ የፈቃድ ወረቀት ከላካችሁ ልጁ ያለ ፈቃድ የቀረ ተብሎ አይመዘገብም። በዚያ ሳምንት ፈተና የለም፤ የመጀመሪያው ፈተና ከሚቀጥለው ሰኞ፣ በዚያ ዓመት ቢሆን ከመስከረም 21፣ በፊት አይሰጥም። አርብ የተሰጠው የክፍል ሥራ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሬ ልለምናችሁ፦ ስትሄዱ ንገሩን። ሳትነግሩን ስትሄዱ ለባጃጅ ነጂውም አትነግሩትም፤ እሱም ሌሎቹን ልጆች «ትምህርት የለም መሰለኝ» ብሎ ሳያመጣቸው ይቀራል። ይህ የደረሰ ነገር ነው፤ ከቆጪ ሰፈር የሚመጡ አምስት ልጆች በአንድ ልጅ አገር ቤት መሄድ ምክንያት ቀርተዋል።

እሑድ ላይ ስለሚውል በዓልም ትጠይቁኛላችሁ። ባጭሩ፣ እኛ አገር እሑድ የዋለ በዓል ወደ ሰኞ አይተላለፍም፤ ሁለት በዓላት አንድ ቀን ላይ ቢደራረቡም ሌላ ቀን አይጨመርም። በ2016 ፋሲካና የአርበኞች ቀን ሁለቱም እሑድ ሚያዝያ 27 ላይ ነበር የዋሉት፤ ሰኞን በአርበኞች ስም የዘጋ ካለ በራሱ ፈቃድ ነው።

ወደፊት የሚመጣውን ቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል። መውሊድና መስቀል ለረጅም ጊዜ ተለያይተዋል። የሒጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት በ10 ወይም 11 ቀን ስለሚያጥር መውሊድ በየዓመቱ ወደኋላ ይሸሻል፤ በ2016 መስከረም 16 ነበር፣ በ2017 መስከረም 5፣ ከዚያ ወደ ነሐሴ ገባ። ተመልሶ ደመራ አካባቢ የሚደርሰው ከዛሬ 30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ያኔ ማስታወቂያውን የሚጽፈው ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሆናል።

ከፊታችን ያለው የ2019 ሚያዝያ ነው። ስቅለት አርብ ሚያዝያ 22፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ 23፣ ፋሲካ እሑድ 24፣ የአርበኞች ቀን ረቡዕ 27። እዚህ ውስጥ ጨረቃ የምትጠበቅበት የለም። ስቅለትና ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ከዓመታት በፊት የሚታወቁ ናቸው፣ ሌሎቹ ቋሚ ናቸው። ስለዚህ ይህንን ማስታወቂያ በሚያዝያ ሳይሆን በዓመቱ መጀመሪያ ልሰጣችሁ እችላለሁ፤ እሰጣለሁም። ከባዱ በፋሲካና በአርበኞች ቀን መሃል የሚወድቁት ሰኞና ማክሰኞ ናቸው፤ በአንድ አርብ ፋንታ ሁለት ብቸኛ ቀናት። የሁለተኛው መንፈቅ ማጠቃለያ እየተቃረበ ስለሆነ ሁለቱንም ልዝጋ ብል የማካካሻው ቅዳሜ ሁለት ይሆናል። ያንን በወላጅ ኮሚቴው ስብሰባ እንነጋገርበታለን፤ የእኔ ሐሳብ ከሙስሊም ቤተሰብ የሆኑት ልጆችም ቁጭ ብለው እንዳይውሉ ማክሰኞን መክፈት ነው፣ ሰኞ ላይ ግን ልሸነፍ እችላለሁ። በ2020 ደግሞ አረፋ ራሱ ወደ ሚያዝያ 27 አካባቢ ይደርሳል፤ ከአርበኞች ቀን ጋር አንድ ቀን ሊሆን ወይም በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል። አረፋ የወሩ 10ኛ ቀን ነውና፣ ከሳምንት በፊት አውቄ እነግራችኋለሁ።

የ2016ን ማስታወቂያ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ነበር የምጽፈው። ወደፊትም የሚደርሳችሁ በዚህ መልክ ነው፤ ቀናቱ ይለወጡ እንጂ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

«ለወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ከበዓላቱ በኋላ ተማሪዎች ክፍል የሚገቡት አርብ መስከረም 18 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ዝግ የሚሆኑት ሁለት ቀናት ናቸው። ረቡዕ መስከረም 16፣ በመውሊድ ምክንያት። ሐሙስ መስከረም 17፣ በመስቀል ምክንያት። የሁለቱም ቀን የታወቀ ነው፤ አይለወጥም።

ማክሰኞ መስከረም 15 ሙሉ ቀን ትምህርት ነው።

አርብ መስከረም 18 የምንማረው በረቡዕ ፕሮግራም ነው፤ ተማሪዎች የረቡዕን ደብተሮች ይዘው ይምጡ። ጠዋት 5፡30 ላይ ወጥተው ከሰዓት 7፡30 ላይ ይመለሳሉ።

ለበዓል ከከተማ የምትወጡ እስከ

እዚህ ላይ ብዕሬን አነሳሁ፤ አያችሁ፣ ልማድ ነው፣ «እስከ» እጄ ላይ አለች። ልቀጥል።

«ለበዓል ከከተማ የምትወጡ የፈቃድ ወረቀቱን አርብ መስከረም 11 ላኩልን፤ ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቆርጣችሁ፣ ፈርማችሁ መልሱ፦ ልጄ አርብ መስከረም 18 ይመጣል፣ አይመጣም። ለባጃጅ ወይም ለሰርቪስ ሾፌሩ ነግሬያለሁ፣ አልነገርኩም።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ያስገባሁት ለዚያች ልጅ ነው። አሁን ወደ አራተኛ ክፍል አልፋለች። ባለፈው መስከረም የመመለሻ ወረቀቱን ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ፤ «ለሾፌሩ ነግሬያለሁ» የሚለው ላይ እናቷ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ማስታወቂያውን የምትጽፈው
ጅማ፣ 2018 ዓ.ም.